ኦክሲጅን በለቀቀው ቦታ፦ ድርብ ትስስርን በተፈለገበት የማኖር ጥበብ

ሁለት ቀለም የለሽ ፈሳሾች አሉ። የሁለቱም ሞለኪውል ሰባት ካርቦንና አሥራ ሁለት ሃይድሮጅን ይዟል፤ ቀመራቸው C7H12 ነው። በሁለቱም ውስጥ ስድስት ካርቦኖች ቀለበት ሠርተዋል፤ ሰባተኛው ከቀለበቱ ጎን ተቀጥሏል። የሚለያዩት ድርብ ትስስራቸው ባለበት ቦታ ብቻ ነው። በአንደኛው ድርብ ትስስሩ ያለው በቀለበቱ ውስጥ፣ በሁለት ጎረቤት ካርቦኖች መካከል ነው። በሌላኛው ደግሞ ቀለበቱን ከሰባተኛው ካርቦን ጋር የሚያያይዘው እሱ ነው። ለአነጋገር እንዲመቸን የመጀመሪያውን «የውስጡ»፣ ሁለተኛውን «የውጪው» እንበላቸው። የውስጡ በ110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲፈላ የውጪው 102 አካባቢ ላይ ይፈላል።

ይህ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም ለኬሚስቱ ትልቅ ነው። ድርብ ትስስር ማለት ሁለት ካርቦኖች በአንድ ጥንድ ኤሌክትሮን ፈንታ በሁለት ጥንድ ሲያያዙ ነው። ሁለተኛው ጥንድ ላላ ያለ በመሆኑ ሌሎች ንጥረ ነገሮች መጥተው የሚያያዙት እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ድርብ ትስስሩ አንድ ካርቦን ያህል ከተንሸራተተ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሁሉ የተሳሳተ ቦታ ላይ ይወድቃል።

የውጪውን ለመሥራት መነሻው ኪቶን የሚባል ውህድ ነው። ኪቶን ውስጥ በሁለት ካርቦኖች መካከል የተቀመጠ አንድ ካርቦን ከኦክሲጅን ጋር በድርብ ትስስር ተያይዟል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሆነው አሴቶን የዚህ ቤተሰብ ትንሹ አባል ነው። እኛ የምንፈልገው ግን ባለ ስድስት ካርቦን ቀለበቱን ሳይክሎሄክሳኖንን ነው። ኦክሲጅኑን አንስቶ በምትኩ ካርቦን ማስቀመጥ ቢቻል የውጪው ተገኘ ማለት ነው።

የቀድሞው መንገድ ሁለት ደረጃ ነበረው። መጀመሪያ በማግኒዥየም ውህድ አማካይነት አንድ ካርቦን ይጨመርና ኪቶኑ ወደ አልኮል ይለወጣል። ቀጥሎ አልኮሉ ከአሲድ ጋር ሲሞቅ ውሃ ይወጣለታል፤ ውሃው በወጣበት ድርብ ትስስር ይፈጠራል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኦክሲጅኑ ሲወጣ ከጎረቤት ካርቦን ላይ አንድ ሃይድሮጅን ይዞ ይሄዳል፤ ጎረቤቶቹ ደግሞ ሦስት ናቸው፦ ሁለቱ በቀለበቱ ላይ፣ አንዱ ከቀለበቱ ውጪ። ሞለኪውሉ ይበልጥ የሚረጋጋው ድርብ ትስስሩ በቀለበቱ ውስጥ ሲሆን ነው። ስለዚህ ኬሚስቱ የውጪውን ቢመኝም በብዛት የሚያገኘው የውስጡን ነው።

መፍትሔው የተገኘው ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው። ጀርመናዊው ጌኦርግ ቪቲግ በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ሳለ፣ አንድ ፎስፈረስ አምስት ካርቦኖችን የሚይዝባቸውን ውህዶች ያጠና ነበር። በ1953 ከጋይስለር ጋር ባሳተመው ጥናት፣ ከፎስፈረስ ጋር የተያያዘ ልዩ ዓይነት ካርቦን ቤንዞፌኖን ከተባለ ኪቶን ጋር ሲገናኝ የሆነው ያልተጠበቀ ነበር። ፎስፈረሱ ኦክሲጅኑን ወሰደ፤ ካርቦኑም በኦክሲጅኑ ቦታ ገባ። በሚቀጥለው ዓመት ቪቲግና ሾልኮፍ ይህ ለሌሎች ኪቶኖችም እንደሚሠራ አሳዩ።

ያ ከፎስፈረስ ጋር የተያያዘ ውህድ ኢሊድ ይባላል። በኢሊድ ውስጥ ካርቦኑ አሉታዊ ሙሌት፣ አጠገቡ ያለው ፎስፈረስ አዎንታዊ ሙሌት ይዘዋል። በኪቶኑ በኩል ደግሞ ኦክሲጅኑ ኤሌክትሮኖችን ወደ ራሱ ስለሚስብ ከእሱ ጋር የተያያዘው ካርቦን አዎንታዊ ያዘነብላል። አሉታዊው የኢሊድ ካርቦን በቀጥታ ወደዚህ ካርቦን ይሄዳል። ኦክሲጅኑም ከፎስፈረሱ ጋር ይያያዝና ፎስፈረስ፣ ኦክሲጅንና ሁለት ካርቦኖች ያሉበት አራት ማዕዘን ቀለበት ይፈጠራል። ይህ ጠባብ ቀለበት ብዙ አይቆይም፤ ለሁለት ይከፈላል። በአንድ ወገን ፎስፈረስና ኦክሲጅን፣ በሌላው ሁለቱ ካርቦኖች በድርብ ትስስር ተያይዘው ይወጣሉ። ነገሩን ወደፊት የሚገፋው የፎስፈረስና የኦክሲጅን ትስስር እጅግ ጠንካራ መሆኑ ነው።

ቦታው የማይዛነፈውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ሚስማር ተነቅሎ በዚያው ቀዳዳ ሌላ ሚስማር እንደመምታት ነው። ከጎረቤት ካርቦኖች ሃይድሮጅን አይነሳም፤ ድርብ ትስስሩን የሚያንሸራትት አሲድም የለም። ስለዚህ ሞለኪውሉ ይበልጥ የሚመቸውን ቦታ የመምረጥ ዕድል አያገኝም።

ቪቲግና ሾልኮፍ የውጪውን ለመሥራት ያሳተሙት የአሠራር መመሪያ እንዲህ ይሄዳል። መጀመሪያ ትራይፌኒልፎስፊን ከሜቲል ብሮማይድ ጋር ተገናኝቶ ነጭ ጨው ይሆናል። ከዚህ ጨው 35.7 ግራም በናይትሮጅን በተሞላ ዕቃ ውስጥ፣ በደረቅ ኤተር ላይ ይደረጋል። እዚያው ያለው ቡቲልሊቲየም የተባለ ብርቱ ቤዝ ከጨው ላይ አንድ ፕሮቶን ይነጥቃል፤ ኢሊዱም ይፈጠራል። ይህ ለአራት ሰዓት ከተማሰለ በኋላ ብርቱካናማው ፈሳሽ ውስጥ 10.8 ግራም ሳይክሎሄክሳኖን በጠብታ ይጨመራል። ያን ጊዜ ቀለሙ ይጠፋል፤ ነጭ ዝቃጭም ይወርዳል። ድብልቁ እየፈላ ካደረ በኋላ ተጣርቶ፣ ታጥቦና ተነጥሮ የውጪው ይገኛል፤ መጠኑ ከ3.3 እስከ 3.8 ግራም ነው። ሁሉም ቢሳካ ሊገኝ ከሚችለው 35 እስከ 40 በመቶው መሆኑ ነው።

ቀለሙ ጥሩ ምስክር ነው፤ ግን ሊያታልል ይችላል። ኪቶኑ ከመጨመሩ በፊት ብርቱካናማው ቀለም ከደበዘዘ፣ ውሃ ወይም አየር ገብቶ ኢሊዱን አጥፍቶታል ማለት ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ኢሊዱ ከኪቶኑ ጎረቤት ካርቦን ላይ ፕሮቶን ይነጥቃል፤ ቀለሙ ይጠፋል፣ በመጨረሻ ግን ኪቶኑ እንደነበረ ተመልሶ ይገኛል። በዙሪያው ግዙፍ ቅጥያዎች ያሉበት ኪቶን ላይ ይህ ይበረታል፤ ኢሊዱ ወደ ዋናው ካርቦን መድረሻ ያጣልና። እርግጡ የሚታወቀው በኤንኤምአር መሣሪያ ነው። የውጪው በድርብ ትስስሩ ጫፍ ያሉትን ሁለት ሃይድሮጅኖች 4.6 አካባቢ ያሳያል፤ የውስጡ ደግሞ አንዱን ሃይድሮጅን 5.4 አካባቢ።

ዘዴው ቦታን ያረጋግጣል እንጂ አቅጣጫን ሁልጊዜ አያረጋግጥም። በምሳሌያችን የድርብ ትስስሩ ሁለት ወገኖች እኩል ስለሆኑ ጥያቄው አይነሳም። የኪቶኑ ሁለት ጎኖች ሲለያዩና የኢሊዱም ካርቦን ቅጥያ ሲኖረው ግን ቅጥያዎቹ በአንድ ወገን ወይም በተቃራኒ ሊቆሙ ይችላሉ፤ ከኪቶን ሲነሱ ብዙ ጊዜ የሁለቱ ድብልቅ ይገኛል።

ሌላው ዕዳ ትርፍራፊው ነው። ለእያንዳንዱ 96 ግራም የውጪው 278 ግራም ትራይፌኒልፎስፊን ኦክሳይድ ይወጣል። የውጪው በቀላሉ ስለሚተን መለየቱ አያስቸግርም፤ ምርቱ ጠጣር ሲሆን ግን ሁለቱን መለየት አድካሚ ነው። የጀርመኑ ባስፍ ኩባንያ 15 ካርቦን ያለውን የፎስፈረስ ጨው 5 ካርቦን ካለው አልዲሃይድ ጋር በዚሁ ዘዴ አገናኝቶ ቫይታሚን ኤ ሲያመርት ኦክሳይዱን መጣል አልተዋጣለትም፤ ስለዚህ በፎስጅንና በአልሙኒየም ዱቄት ወደ ትራይፌኒልፎስፊን የሚመልስበትን መንገድ ዘረጋ። ቪቲግ በ82 ዓመቱ፣ በ1979፣ ከኸርበርት ብራውን ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

እንግዲህ የውስጡን ለሚፈልግ ሰው ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልገውም፤ የድሮው የአሲድ መንገድ ርካሽ ነው፣ ይበቃዋልም። በፎስፈረስ የሚከፈለው ዋጋ የሚያዋጣው ሞለኪውሉ በራሱ ከሚመርጠው ቦታ ውጪ ድርብ ትስስር ለሚፈልግ ነው።