አረቦኑ ከፋዩ እጅ ወጥቷል፤ ውሉ ግን ታድሷል?

የተጋጨ መኪና ባለቤት የካሳ ጥያቄውን ይዞ መድን ድርጅት ሲደርስ፣ የካሳ ክፍሉ ሠራተኛ ስለ ግጭቱ ብዙ ከመጠየቁ በፊት የሚያየው መዝገቡን ነው። መዝገቡን ሲገልጥ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አደጋው በደረሰበት ቀንና ሰዓት ውሉ በሥራ ላይ ነበር ወይ? ሁለተኛ፣ የዚያ ዘመን አረቦን ተከፍሎ ደረሰኝ ተቆርጦለታል ወይ? ለሁለቱም መልሱ «አዎን» ካልሆነ የመኪናው ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ ለመነጋገር ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው።

ደንበኛው በዚህ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው የባንክ ወረቀት ነው። ወረቀቱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ገንዘቡም በእርግጥ ከሒሳቡ ወጥቶ ይሆናል። ይሁንና ገንዘብ ከከፋዩ እጅ መውጣቱ፣ ገንዘቡ በደንበኛው ስም መመዝገቡና ውሉ መታደሱ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በመካከላቸው የጥቂት ቀናት ክፍተት ሊኖር ይችላል። አደጋ በዚያ ክፍተት ውስጥ ከደረሰ ክርክር ይነሣል።

የአንድ አይሱዙ ታሪክ

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ ነጋዴ የዕቃ ማመላለሻ አይሱዙ አለው እንበል። የገባው ሙሉ ሽፋን ነው። ውሉ የሚያበቃው በአውሮፓውያን አቆጣጠር 5 ኤፕሪል 2026 ሲሆን ይህም በእኛ መጋቢት 27 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ ዕለቱም እሑድ ነው። ድርጅቱ ቀደም ብሎ የዕድሳት ማስታወቂያ ልኳል። በማስታወቂያው ላይ ጠቅላላ የሚከፈለው 62,400 ብር ነው ይላል። ነጋዴው ግን ማስታወቂያውን በደንብ ሳያነብ ያለፈውን ዓመት ደረሰኝ አውጥቶ ተመለከተ። ዓምና የከፈለው 57,900 ብር ነበር። ዓርብ መጋቢት 25 ከሰዓት በኋላ ልጁ ይህንኑ ገንዘብ በስልኩ ከራሱ የባንክ ሒሳብ ወደ መድን ድርጅቱ ሒሳብ አስተላለፈ። የክፍያው ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ ላይ «የኢንሹራንስ» ብቻ ብሎ ጻፈ። ባንኩም ገንዘቡ መተላለፉን በመልእክት አረጋገጠ። አባትና ልጅ ነገሩ አለቀ ብለው ተኙ።

ማክሰኞ መጋቢት 29 አይሱዙው ተጋጨ።

ሰኞ ዕለት በመድን ድርጅቱ ሒሳብ ክፍል የሆነውን ደግሞ እንመልከት። የባንክ መግለጫው ላይ 57,900 ብር ገቢ ሆኗል። የላኪው ስም የልጁ ነው፤ በልጁ ስም ግን ድርጅቱ ምንም ውል የለውም። የታርጋ ቁጥርም፣ የውል ቁጥርም አልተጻፈም። መጠኑን ከሚጠበቁ ዕድሳቶች ጋር እንዳያስተያዩት ደግሞ 57,900 ብር የሚከፍል ደንበኛ በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ያለው 62,400 ብር የሚጠበቅበት ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ባለቤቱ ያልታወቀ ገቢ ሆኖ ተቀመጠ። ደረሰኝ አልተቆረጠም፤ የዕድሳት ሰነድም አልወጣም። በመዝገቡ ላይ የአይሱዙው ውል እሑድ ሌሊት አብቅቷል።

ነጋዴው የሚከራከርበት ነጥብ የለውም ማለት አይደለም። ገንዘቡ ውሉ ሳያበቃ በድርጅቱ ሒሳብ መግባቱን የባንኩ መግለጫ ይመሰክርለታል። ድርጅቱም በበኩሉ ዕድሳት አዲስ የውል ዘመን እንደሆነ፣ የተጠየቀው ገንዘብ 4,500 ብር እንደጎደለና ያልተሟላ ክፍያ ደግሞ ዕድሳትን እንደማያስገድደው ይናገራል፤ ገንዘቡንም ልመልስ ሊል ይችላል። ማን እንደሚረታ የሚወሰነው በውሉ ቃልና በዳኛ ነው። እስከዚያው ግን መኪናው ጋራዥ ቆሟል፤ ገቢም የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ነጋዴው የባንክ ወረቀቱን ይዞ ወደ ቅርንጫፉ ብቅ ብሎ ቢሆን ኖሮ የጎደለው 4,500 ብር እዚያው ይነገረው ነበር። ከፍሎ፣ ደረሰኙንና የዕድሳት ሰነዱን ተቀብሎ ይመለስ ነበር።

ሦስቱ ወረቀቶች

ከዚህ ምሳሌ የምንረዳው ክፍያን ለማጣራት ሦስት ወረቀቶች በተርታ መገኘት እንዳለባቸው ነው።

የመጀመሪያው የባንክ ገቢ ወረቀት ወይም የማስተላለፊያ ማረጋገጫ ነው። ይህ የሚያስረዳው ገንዘቡ ከእርስዎ መውጣቱንና የት ሒሳብ እንደገባ ነው። በወረቀቱ ላይ የሒሳብ ቁጥሩን ከዕድሳት ማስታወቂያው ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ፤ የታርጋና የውል ቁጥሩም በክፍያው ምክንያት ላይ መጻፉን ይመልከቱ። በቼክ ከከፈሉ ደግሞ ቼኩ ከባንክ እስኪመነዘር ድረስ ክፍያው እንዳልተጠናቀቀ ይቁጠሩት። ስንቅ አጥቶ የተመለሰ ቼክ ቀድሞ የተቆረጠውን ደረሰኝ ዋጋ ያሳጣዋል።

ሁለተኛው የመድን ድርጅቱ የገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ ነው። ይህ ገንዘቡ በእርስዎ ስም መመዝገቡን ያስረዳል። የደረሰኙ ቁጥር፣ ቀኑ፣ የእርስዎ ስምና የተከፈለው መጠን መታየት አለባቸው። ወኪል በእጁ ጽፎ የሚሰጠው ጊዜያዊ ወረቀት የዚህ ምትክ አይደለም።

ሦስተኛው የዕድሳት ሰነዱ ነው፤ በድርጅቶቹ አጠራር ኢንዶርስመንት የሚባለው። ሽፋኑ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሚዘልቅ የሚናገረው ይህ ብቻ ነው። ደረሰኝ ኖሮ ይህ ሰነድ ከሌለ ገንዘቡ ገብቷል፤ የተገዛው ዘመን ግን ገና በጽሑፍ አልታወቀም። ሰነዱ ሲደርስዎ የሽፋኑ መጀመሪያ ከአሮጌው ውል መጨረሻ ጋር የተያያዘ መሆኑን ይዩ። አሮጌው እሑድ አብቅቶ አዲሱ ረቡዕ የሚጀምር ከሆነ ሰኞና ማክሰኞ ያለ መድን የታለፉ ቀናት ናቸው። የታርጋና የሻንሲ ቁጥሩንም ከሊብሬው ጋር ያስተያዩ።

በመስታወቱ ላይ የተለጠፈው የሦስተኛ ወገን ምልክት የእነዚህ ምትክ አይሆንም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ያስገደደው ይህ ሽፋን መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ነው። የራስዎ መኪና የሚጠገንበት ሙሉ ሽፋን የራሱ አረቦንና የራሱ ዘመን አለው። ቦሎ የታደሰለት፣ ምልክትም የለጠፈ መኪና ሙሉ ሽፋኑ ያበቃ ሊሆን ይችላል።

የቀንና የሰዓት ወጥመድ

የመድን ውል ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በእንግሊዝኛና በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ደንበኛው ግን የሚያስታውሰው በእኛ ነው። ለምሳሌ 05/04/2026 ተብሎ የተጻፈውን ቀን 4 ሜይ ብሎ ያነበበ ሰው ውሉ እስከ ሚያዝያ 26 ያለ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን መጋቢት 27 አብቅቷል። ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ደግሞ ቀኑ በአንድ ይንሸራተታል፤ «ዓምናም በዚሁ ቀን ነበር» ብሎ መተማመን አንድ ቀን ሊያሳስት ይችላል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ውሉ ላይ እኩለ ሌሊት ወይም 12 ሰዓት ተብሎ የሚጻፈው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ከላይ ባነሣነው ምሳሌ ሾፌሩ «እሑድ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ተጋጨሁ» ቢል፣ በእኛ አነጋገር ገና እሑድ ሌሊት ቢሆንም በውሉ አቆጣጠር ሰኞ ከገባ አንድ ሰዓት ሆኖታል።

በሰው እጅ የተከፈለ እንደሆነ

አረቦኑን በወኪል ወይም በደላላ በኩል የሚከፍሉ ብዙዎች ናቸው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ወኪሉ የሚሠራው ለመድን ድርጅቱ ነው፤ ደላላው ደግሞ የሚሠራው ለደንበኛው ነው። ስለዚህ ለደላላ የተሰጠ ገንዘብ ድርጅቱ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ድርጅቱ ተቀብሎታል ለማለት ያስቸግራል። ለወኪል የተሰጠውም ቢሆን ወኪሉ ገንዘብ የመሰብሰብ ሥልጣን ነበረው ወይ የሚል ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል። ከሁሉም የሚሻለው በድርጅቱ ሒሳብ በቀጥታ መክፈልና የወረቀቱን ቅጂ ለወኪሉ መስጠት ነው።

መኪናው በባንክ ብድር የተገዛ ከሆነ ደግሞ ባንኩ አረቦኑን ከፍሎ በብድሩ ላይ የሚደምርበት አሠራር አለ። ዓምና ባንኩ ከፍሎ ከነበረ ዘንድሮም ይከፍላል ብለው አይቀመጡ። ብድሩ ካለቀ ባንኩ የሚከፍልበት ምክንያት የለውም፤ ይህንንም የሚያስታውስዎ ላይኖር ይችላል።

«ሳያስጠነቅቁኝ ቆረጡብኝ»

ይህ ቅሬታ በተደጋጋሚ ይሰማል። የ1952ቱ የንግድ ሕግ በመድን ክፍሉ አረቦን በጊዜው ሳይከፈል ሲቀር ስለሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ይደነግጋል። ነገር ግን ይህ የሚመለከተው በሥራ ላይ ባለ ውል ውስጥ ሳይከፈል የቀረን አረቦን ነው። ዘመኑ ያለቀ ውል ግን ማንም ሳይቆርጠው በራሱ ጊዜ ያበቃል። ድርጅቱ የሚልከው የዕድሳት ማስታወቂያም ለደንበኛው ማስታወሻ ነው፤ አልደረሰኝም ማለት ያለቀውን ዘመን አያስረዝምም።

ስልክ ሲደውሉ

ሰነዱ በእጅዎ ከሌለ ውሉ ወደወጣበት ቅርንጫፍ ይደውሉ። «ክፍያዬ ገብቷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «ገብቷል» የሚል መልስ ሊሰጥዎ የሚችለው የባንክ መግለጫውን ብቻ ያየ ሰው ነው። የታርጋና የውል ቁጥርዎን ከሰጡ በኋላ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የደረሰኙ ቁጥርና ቀን ስንት ነው? የዕድሳት ሰነዱ ቁጥር ስንት ነው፣ ከመቼስ እስከ መቼ ይላል? የሚቀርብኝ ቀሪ ሒሳብ አለ? የመለሰልዎትን ሰው ስም ይጻፉ። ጉዳዩ ከከበደ፣ ለምሳሌ መኪናው ረጅም መንገድ የሚወጣ ከሆነ፣ ሽፋኑ በሥራ ላይ መሆኑን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይጠይቁ።

ዘመኑ አልቆ ካገኙት መኪናውን ያቁሙት። ድርጅቱ ከማደሱ በፊት መኪናውን እንደገና ሊመረምርና በመካከሉ አደጋ እንዳልደረሰ የሚገልጽ ማረጋገጫ ሊያስፈርምዎ ይችላል። አዲሱ ሽፋን የሚጀምረው ከዚያ ወዲህ እንጂ ካለፈው ቀን ጀምሮ አይደለም። በዚያ ማረጋገጫ ላይ እውነት ያልሆነ ነገር መፈረም ወደፊት የሚነሣውን የካሳ ጥያቄ ከወዲሁ ያበላሻል።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ከውሉ ማብቂያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ሙሉውን ከፍሎ ሦስቱን ወረቀቶች በአንድ ማኅደር ያስቀመጠ ሰው፣ የካሳ ክፍሉ ሠራተኛ መዝገቡን ሲገልጥ ማኅደሩን አብሮ መግለጥ ይችላል።