የልጆች መጽሐፍ ጽፈዋል? ሠዓሊ ከመቅጠርዎ በፊት ደብዳቤውን ይጻፉ

በአሜሪካ ትልልቆቹ አሳታሚዎች የማያውቁት ጸሐፊ በቀጥታ የላከላቸውን ረቂቅ በአብዛኛው አያነቡም። ረቂቁ በኤጀንት፣ ማለትም በጸሐፊው ወኪል በኩል እንዲመጣላቸው ይፈልጋሉ። ኤጀንቱ ደግሞ አዲስ ጸሐፊን አብዛኛውን ጊዜ የሚተዋወቀው አንድ ገጽ እንኳ በማትሞላ ደብዳቤ ነው። እዚያ አገር ኖሮ በእንግሊዝኛ የልጆች ታሪክ የጻፈና በእነዚህ አሳታሚዎች ማሳተም የሚፈልግ ወገናችንም አብዛኛውን ጊዜ በዚህች ደብዳቤ በኩል ያልፋል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት እናት ስለ ቡና ማፍላት ባለ ሥዕል የልጆች መጽሐፍ ጻፈች እንበል። የመጀመሪያው ደብዳቤዋ እንዲህ ይጀምራል፦ «ይህ መጽሐፍ ልጆች ባህላቸውን እንዲወዱና ታላላቆቻቸውን እንዲያከብሩ ያስተምራል። ልጆቼ ሲሰሙት በጣም ደስ ብሏቸዋል።» ኤጀንቱ ይህን አንብቦ ስለ ታሪኩ ያወቀው ነገር የለም። ትምህርቱን እንጂ ታሪኩን አልነገረችውም። የልጆቿ ደስታም ማስረጃ አይሆንላትም፤ እናቱ ስታነብለት ደስ የማይለው ልጅ የት ይገኛል?

አሁን ያንኑ መጽሐፍ በሌላ መልክ እንየው፦ «የሄለን አያት ከጎንደር መጥተዋል። ቡና በቆሉ ቁጥር ግን የአፓርታማው የጭስ አላርም ይጮኻል፤ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል፤ አያትም ምጣዱን ያወርዳሉ። አያቷ ‹አገሬ ልመለስ› ከማለታቸው በፊት ሄለን አላርሙ የማይደርስበት ቦታ መፈለግ አለባት።» እዚህ ውስጥ ልጅ አለች፣ የምትፈልገው ነገር አለ፣ የሚከለክላት አለ፣ ካልተሳካላትም የምታጣው አለ። አያትን ስለ ማክበር አንድም ቃል አልተጻፈም፤ ቢሆንም አንባቢው አይስተውም። ሥዕሉም ገና ሳይሳል ይታያል፤ ጭሱ፣ አላርሙ፣ ፎጣ የምታራግበው ልጅ። ደብዳቤው ዋጋ የሚያገኘው በእነዚህ ሦስትና አራት ዓረፍተ ነገሮች ነው፤ የቀረው ሥርዓት ነው።

ሥርዓቱም ከባድ አይደለም። ርዕሱ፣ የአንባቢው ዕድሜ (ለምሳሌ ከ4 እስከ 8 ዓመት) እና የቃላቱ ብዛት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገባሉ። የዚህ ዓይነት መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ ስለሆነና ቦታውን ሥዕሉ ስለሚይዘው፣ ጽሑፉ ከ500 ወይም 600 ቃል ባይበልጥ ይመረጣል። 1,500 ቃል የሚል ቁጥር ያየ ኤጀንት ታሪኩን ሳይከፍት ሊያልፈው ይችላል። ከዚያ ባለፉት ጥቂት ዓመታት የወጡ አንድ ሁለት ተቀራራቢ መጻሕፍት ይጠቀሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1963 ከወጣው የሞሪስ ሴንዳክ ዝነኛ መጽሐፍ ጋር መወዳደር ግን ጸሐፊው ዛሬ የሚሸጠውን እንደማያነብ ያሳብቃል። ስለ ራስ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። መዋዕለ ሕፃናት የሚያስተምር ሰው ያንን ይጻፍ። ከዚህ በፊት ምንም ያላሳተመ ደግሞ ይቅርታ መጠየቅ አይጠበቅበትም፤ ዝም ብሎ ይለፈው።

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ሠዓሊው ላይ ነው። መጽሐፉ ባለ ሥዕል ስለሆነ ሥዕሉን አሠርቶ መላክ ያለበት ይመስለዋል። አሠራሩ ግን እንዲያ አይደለም። ሠዓሊውን የሚመርጠውና የሚከፍለው አሳታሚው ነው፤ ብዙውን ጊዜም ጸሐፊውና ሠዓሊው በሥራው መካከል አይገናኙም። ሥዕሉ ተያይዞ ከመጣ ኤጀንቱ ሁለት ሥራ አንድ ላይ ለመውደድ ይገደዳል፤ ጽሑፉን ወዶ ሥዕሉን ቢጠላ ሁለቱም ይወድቃሉ። ራሱ የሚስል ጸሐፊ ብቻ የገጾቹን ንድፍ አብሮ ይልካል።

ሌላው የዚህ ዘርፍ ልዩነት፣ ልብ ወለድ የጻፈ ሰው ጥቂት ገጾች ሲልክ የልጆች መጽሐፍ ጸሐፊ ግን ሙሉ ጽሑፉን ከደብዳቤው ሥር መለጠፉ ነው። አባሪ ፋይል ካልተጠየቀ አይላክም፤ ብዙ ኤጀንቶች አይከፍቱትም። ኤጀንቱ ከወደደው ደግሞ «ሌላ ምን አለህ?» ማለቱ አይቀርም፤ የአንድ አጭር መጽሐፍ ገቢ ብቻውን አያዋጣውምና። ስለዚህ ያለቁ ሁለት ሦስት ሌሎች ታሪኮች ሳይኖሩ መላክ ችኮላ ነው።

መልሱ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ዝምታ «አልፈልግም» ማለት መሆኑን በድረ ገጻቸው የሚጽፉ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ለአንዱ ልኮ እጅን አጣጥፎ ከመቀመጥ፣ የእያንዳንዱን መመሪያ እያነበቡ በአንድ ጊዜ ለጥቂቶች መላክ የተለመደ ነው። አንዱ ውል ካቀረበ ግን ለቀሩት ወዲያው ማሳወቅ ይገባል።

ኤጀንት የሚከፈለው መጽሐፉ ሲሸጥ ነው፤ በአገር ውስጥ ሽያጭ ድርሻው አብዛኛውን ጊዜ ከጸሐፊው ገቢ 15 በመቶ ነው። ለማንበቢያ፣ ለመመዝገቢያ ወይም ለእርማት ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ከገጠመዎት ኤጀንት ነኝ ቢልም አይክፈሉት።