ድምፅ የሌለው ትክትክ

ትክትክን የሚያውቅ ሰው በድምፁ ነው የሚያውቀው። ልጁ ትንፋሽ ሳይወስድ ደጋግሞ ያስላል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ሳሉ ሲለቀው አየሩ እያፏጨ በረጅሙ ወደ ውስጥ ይገባል። ያን ድምፅ አንዴ የሰማ አይረሳውም። ገና ወራት ያልሞላው ጨቅላ ግን ትክትክ ይዞት እያለ ይህን ድምፅ ላያሰማ ይችላል፤ አንዳንዱ ከነጭራሹ አያስልም። ቤተሰብ ድምፁን ሲጠብቅ ጊዜ ያልፋል።

በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ የመተንፈሻ ቱቦን ግድግዳ በሸፈኑ ጥቃቅን ፀጉር መሰል ነገሮች ላይ ይጣበቃል። የእነሱ ሥራ አክታን ወደ ላይ ጠርጎ ማውጣት ነው። ባክቴሪያው በሚረጨው መርዝ ሲጎዱ አክታው ወፍሮ እዚያው ይቀራል፣ ሳሉም ተደራርቦ ይመጣል። ትልቁ ልጅ ሳንባው ባዶ እስኪቀር ካሳለ በኋላ በጠባቡ የጉሮሮ በር አየሩን በጉልበት ይስበዋል፤ ፉጨቱ የሚፈጠረው ያኔ ነው። የጨቅላው የደረት ጡንቻ ግን ለዚህ አቅም የለውም። የጎድን አጥንቱ ለስላሳ ነው፣ ትንፋሹን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍልም ገና አልጠነከረም። ስለዚህ አየሩን በኃይል መሳብ ሲገባው ትንፋሹ ቀጥ ይላል።

የአምስት ሳምንት ሴት ልጅ ያላት አንዲት እናት አለች እንበል። አያትየው አራስ ሊጠይቁ መጥተው ሰንብተዋል፤ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል አላቸው፣ እሳቸው ግን ብርድ ነው ይላሉ። በልጅነት የተወሰደ ክትባትም ሆነ የታመሙት ትክትክ ዕድሜ ልክ አይከላከልም፤ በአዋቂ ላይ ደግሞ በሽታው ብዙ ጊዜ ከማይለቅ ሳል የተለየ ነገር አያሳይም። ከሳምንት በኋላ የሕፃኗ አፍንጫ እርጥብ ይላል፣ አልፎ አልፎ ታስነጥሳለች። ትኩሳት የላትም። ጉንፋን ነው ተብሎ ይታለፋል።

በሦስተኛው ቀን ጡት እየጠባች ሳለ ድንገት ትለቃለች። ፊቷ ይቀላል፣ ዓይኗ ይፈጣል፣ አፏን ከፍታ እንደሚያቅለሸልሸው ሰው ትሆናለች፤ ሁለት ሦስቴ በደከመ ድምፅ አስላ ወተቱን ትመልሳለች። እናት ትን ያላት ይመስላታል። ሌሊት ላይ ግን ያው ነገር ሳትጠባ ይመጣል፤ ልጅቱ ዝም ትላለች፣ ደረቷ አይንቀሳቀስም፣ ከንፈሯ ይጠቁራል፣ ሰውነቷ ይዝላል። እናት አንስታ ስታቅፋት ትንፋሿ ይመለሳል። ሲነጋ ደህና ናት፣ ትጠባለች፣ ትተኛለች።

ትልቁ ወጥመድ ይህ ደህና መምሰል ነው። በሁለት የሳል ማዕበል መካከል ሐኪም ደረቷን ቢያዳምጥ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ትኩሳት የለም፣ ራጅም ምንም ላያሳይ ይችላል። በሽታውን የሚገልጠው እናት ሌሊት ያየችው ነገር ነው። በስልክ የተቀረጸ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ካለ ለሐኪሙ ትልቅ እርዳታ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው መኖሩንም ሳይጠየቁ መንገር ያስፈልጋል።

በዚሁ ሰዓት አንድ ጎረቤት እንጥሏ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥላት ማለታቸው አይቀርም። ማቅለሽለሹና ትውከቱ እንደዚያ ያስመስለዋልና ይህን የሚሉት ለክፋት አይደለም። ነገር ግን የሕፃኗ ችግር ከእንጥል አይደለም፤ ቁስሉም ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ጉሮሮን መነካካቱ ራሱ ትንፋሿን ሊያቆም ይችላል። ለሳል ተብሎ የሚሰጥ ማርም ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሆንም። የሳል ሽሮፕም ለትክትክ አይጠቅምም።

እንግዲህ መቼ ነው ሆስፒታል? የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ትክትክ የያዘው ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ተኝቶ እንዲታከም ይመክራል፤ ስለዚህ በዚህ ዕድሜ ጥርጣሬው ብቻ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ያደርሳል። ትንፋሹ ቀጥ ካለ፣ ከጠቆረ፣ ከዛለ፣ መጥባት ካቃተው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም በማዕበሎቹ መካከልም ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ ግን ሌሊትም ቢሆን ወዲያው መሄድ ነው። ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን ሳያለቅስ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ይባላል። መጥቆሩ በእኛ የቆዳ ቀለም ላይ ፊት በማየት ብቻ አይለይም፤ ምላስን፣ ድድንና የከንፈርን ውስጥ በብርሃን ማየት ይሻላል። ማዕበሉ ሲመጣ ሕፃኑን በጎን አስተኝቶ አፉ ላይ የሚታየውን ትውከትና አክታ መጥረግ፣ አለመነቅነቅ፣ ጣት ወደ ጉሮሮው አለመክተት፣ በአፉ ምንም አለመስጠት ነው።

በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል መረጃ መሠረት ትክትክ ከያዛቸው ከአንድ ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ከሦስቱ አንዱ ሆስፒታል መተኛት ያስፈልገዋል። ከተኙት ከሦስቱ ሁለቱ ትንፋሻቸው እየተቋረጠ ያስቸግራቸዋል፣ ከመቶው አንዱ ይሞታል።

ሆስፒታል የሚደረገው ነገር ከውጭ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ኦክስጅን የሚለካ መሣሪያ እግሯ ላይ ይታሰራል፤ ነርሷ እያንዳንዱን ማዕበል ስንት ሰከንድ እንደቆየ፣ ከንፈሯ እንደጠቆረና በራሷ እንደተመለሰች ትመዘግባለች። ቤት ውስጥ ሊደረግ የማይችለው ይኸው ጥበቃ ነው፤ ትንፋሿ ካልተመለሰ በፊኛና በጭንብል የሚያስተነፍስላት ሰው አጠገቧ አለ። ምላስ በእንጨት ተጭኖ ጉሮሮ አይታይም፤ ማዕበሉን ይቀሰቅሳልና። መጥባት ካቃታት የታለበ የእናት ጡት በአፍንጫ ቱቦ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣታል። የደም ምርመራም ይደጋገማል። ነጭ የደም ሕዋሳት በፍጥነት ከጨመሩና የልብ ምቷ ከፈጠነ የሳንባ ደም ሥሮቿ እየተጨናነቁ ሊሆን ስለሚችል ጽኑ ሕሙማን ክፍል ትገባለች።

መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ አዚትሮማይሲን ነው፤ በዚህ ዕድሜ በቀን አንዴ ለአምስት ቀን ይሰጣል፣ መጠኑን ሐኪሙ በክብደቷ ያሰላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተጀመረ በሽታውን ሊያቀልለው ይችላል። ሳሉ ከበረታ በኋላ ግን ባክቴሪያውን ገድሎ ወደ ሌላ ሰው እንዳይተላለፍ ያደርጋል እንጂ ሳሉን አያቆምም፤ መርዙ ጉዳቱን አድርሷልና። አያትየውን ጨምሮ የቤቱ ሰው ሁሉ መድኃኒቱን የሚወስደው በዚህ ምክንያት ነው።

በአገራችን ትክትክን የሚከላከለው ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። የመጀመሪያው መጠን ብቻውን በቂ ስላልሆነ ከልደት ጀምሮ ለሦስት ወር ያህል ክፍተት አለ። እንግሊዝ በ2012 እ.ኤ.አ. ብዙ ጨቅላዎች ሲሞቱባት ነፍሰ ጡሮችን መከተብ ጀመረች። አሜሪካም በየእርግዝናው ከ27ኛው እስከ 36ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ክትባቱን ትመክራለች። የእናት መከላከያ ሳይወለድ በእንግዴ ልጅ በኩል ለልጁ ይደርሰዋል። በአገራችን ነፍሰ ጡር የምትወጋው ግን የመንጋጋ ቆልፍና የዲፍቴሪያ ስለሆነ ለትክትክ አይሆንም። በውጭ አገር የምትኖር ነፍሰ ጡር ክትባቱን መጠየቅ ትችላለች፤ ከአገር ቤት ልታርሳት የምትመጣ እናቷም ሳል ካላት ሕፃኑን ከማቀፏ በፊት መታየት አለባት።

ሕፃኗ ሳትጠቁር ማሳል ስትችልና በደንብ ስትጠባ ከሆስፒታል ትወጣለች። ሳሉ ግን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ከሁለት ወር በላይ ይቆያል፤ ጉንፋን ሲይዛትም ያገረሻል። ያ ብቻውን በሽታው ተመለሰ ማለት አይደለም። እንደገና ከጠቆረች ወይም ትንፋሿ ቀጥ ካለ ግን ቀጠሮዋን ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል መመለስ ነው።