«የሽቶ ዘይት ቀረጡ ስንት ነው?» ከማለት በፊት ለትራንዚተሩ ምን ይንገሩት?

ከዱባይ ዒጥርና ዑድ አምጥቶ አዲስ አበባ ላይ ለመሸጥ ያሰበ ነጋዴ ትራንዚተሩን ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ነው የሚጠይቀው፦ «የሽቶ ዘይት ቀረጡ ስንት ነው?» ትራንዚተሩም በስልክ አንድ ቁጥር ይነግረዋል። ነጋዴው በዚያ ሂሳብ ገንዘቡን ያወጣል። እቃው ደርሶ ዲክላራሲዮን ሲሞላ ግን የሚመጣው ክፍያ ሌላ ሊሆን ይችላል። ትራንዚተሩ ዋሽቶ ላይሆን ይችላል፤ ጥያቄው ራሱ ከአንድ በላይ መልስ አለው።

ጉምሩክ እቃን የሚለየው በገበያ ስሙ ሳይሆን በታሪፍ መደቡ፣ ማለትም በኤችኤስ ኮዱ ነው። እኛ «የሽቶ ዘይት» የምንለው ቢያንስ በሦስት አንቀጾች ሊመደብ ይችላል። ያልተቀላቀለ፣ ከእፅዋት የተወጣ ንጹህ ዘይት በጅምላ ሲመጣ 33.01 ነው። ለፋብሪካ ጥሬ እቃ የሚሆን የመዓዛ ቅልቅል 33.02 ነው። ለተጠቃሚ የተዘጋጀ ሽቶ ደግሞ 33.03 ነው። ለማጨስ የተቀመመ በኹር ከእነዚህ ወጥቶ 33.07 ውስጥ ይገባል።

ብዙዎችን የሚያሳስቱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው «አልኮል የለውም» የሚለው ነው። ይህ ለገዢው ትልቅ ነገር ቢሆንም እቃውን ከ33.03 አያስወጣውም፤ አልኮል አልባ ሽቶም ሽቶ ነው። ሁለተኛው ማሸጊያው ነው። የምዕራፍ 33 ማብራሪያ እንደሚለው፣ ለሽቶነት የሚሆን እቃ በችርቻሮ በሚሸጥበት ማሸጊያ ከመጣ፣ ያልተቀላቀለ ንጹህ ዘይት ቢሆን እንኳ በ33.03 ይመደባል። ስለዚህ በ5 ኪሎ ቆርቆሮ የመጣና በ6 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ የመጣ አንድ ዓይነት የዑድ ዘይት የተለያየ መደብ ሊኖራቸው ይችላል። በቆርቆሮ መጣ ማለት ብቻም አያድንም። ዘይቱ ሳይቀየር በጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጥ ያለቀለት ሽቶ ከሆነ፣ ጉምሩክ 33.03 ነው ሊል ይችላል። ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

ልዩነቱ በገንዘብ ምን ያህል ነው? ሽቶ በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 ኤክሳይዝ ታክስ ከተጣለባቸው እቃዎች አንዱ ነው። የእቃው ዋጋ ከማጓጓዣና ከኢንሹራንስ ጋር 500,000 ብር ነው እንበል። ለስሌት ያህል በ33.03 ቀረጡን 35 በመቶ፣ ኤክሳይዙን 100 በመቶ እንውሰድ። ቀረጡ 175,000 ብር ይሆናል። ኤክሳይዙ ዋጋውና ቀረጡ ተደምረው በ675,000 ላይ ስለሚሰላ ሌላ 675,000 ብር ነው። በድምሩ 1,350,000 ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 202,500፣ ከዚያም በ1,552,500 ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ 155,250 ብር ይመጣል። ጠቅላላው 1,207,750 ብር ነው። ያው እቃ ኤክሳይዝ በሌለውና ቀረጡ 10 በመቶ በሆነ መደብ ቢገባ በተመሳሳይ ስሌት 195,750 ብር ብቻ ይከፈልበታል። ሌሎች ትናንሽ ክፍያዎችን አልቆጠርንም።

ስለዚህ ጥያቄው በጽሑፍ፣ ከመለያው ፎቶ፣ ከሻጩ የዋጋ ማቅረቢያና ከይዘት ዝርዝሩ ጋር ይላክ። እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ከዱባይ 2,000 ጠርሙስ አልኮል አልባ የሽቶ ዘይት ላስገባ አስቤያለሁ። እያንዳንዱ 6 ሚሊ ሊትር ነው፤ ቅልቅል ነው፤ በችርቻሮ ካርቶን የታሸገ ነው። በየትኛው ባለ ስምንት አሃዝ ኮድ ይመደባል? ምክንያቱስ? ጉምሩክ ሌላ ኮድ ሊመርጥ ይችላል ካሉ የትኛውን? ለሁለቱም ኮዶች ቀረጡን፣ ኤክሳይዙንና ሌሎቹን ታክሶች በየመስመሩ ከነስሌታቸው ይጻፉልኝ። የተመረተበት አገር በቀረጡ ላይ ለውጥ ያመጣል? ከምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል? ጉምሩክ የሻጩን ዋጋ ባይቀበል ስሌቱ በምን ዋጋ ይሠራል?»

መልሱ ሲመጣ በመጀመሪያ ምክንያቱን ይዩ። «ሁልጊዜ በዚህ ነው የምናስገባው» ምክንያት አይደለም። ጥሩ መልስ የአንቀጹን ቃልና የምዕራፉን ማብራሪያ ጠቅሶ ከእርስዎ እቃ ጋር ያገናኛል። ትራንዚተሩ ኤክሳይዝ የሌለበትን ኮድ ከሰጠዎ፣ ማሸጊያው የችርቻሮ መሆኑን አይቶ እንደሆነ መልሰው ይጠይቁ።

የትራንዚተሩ ግምት ጉምሩክን አያስገድድም። ኮዱ በፍተሻ ጊዜ ሊቀየር ይችላል፤ እቃው ከወጣ በኋላም በድኅረ እቃ አወጣጥ ኦዲት ልዩነቱ ከነቅጣቱ ከአስመጪው ሊጠየቅ ይችላል። ሁለት ኮዶች የሚያከራክሩ ከሆነና ልዩነቱ እንደ ምሳሌያችን ከፍተኛ ከሆነ፣ ናሙናውንና ሰነዱን አቅርቦ ከጉምሩክ ኮሚሽን ቅድሚያ የታሪፍ ውሳኔ እንዲጠይቅልዎ ያድርጉ። ውሳኔው እስኪመጣ ካልጠበቁ ግን ትርፍዎን በከፍተኛው ስሌት አስሉት። በዚያ ሂሳብ የማያዋጣ ከሆነ፣ ለሻጩ ገንዘብ ሳይልኩ ማወቅዎ ይሻላል።