ከጉርድ ፎቶ ወደ መታሰቢያ ምስል፦ የአያት ፊት ለምን ይለወጣል?

በብዙ ቤት ከአያት የተረፈው አንድ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። ከቀበሌ መታወቂያ ላይ የተላጠ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ጥጉ ላይ የክብ ማኅተም ቀለም ያረፈበት። ሙት ዓመት ሲደርስ የልጅ ልጆች ይህን ፎቶ ምስል ለሚሠራ የሰው ሰራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ይሰጡና «የአያቴን ምስል በለስላሳና ሞቅ ባለ ብርሃን ሥራልኝ» ብለው ይጽፋሉ። የሚወጣው ምስል ያምራል፤ ጎረቤትም ያደንቀዋል። የሟቹ ልጅ ግን ገና ስታየው «ይሄ አባዬ አይደለም» ትላለች። ምኑ እንደተለወጠ ንገሪን ብትባል ለይታ መናገር ያቅታታል።

ልጅቱ ትክክል ናት፤ ምክንያቱም ይታወቃል። የማናውቀውን ሰው ፊት የምንለየው በአብዛኛው በውጫዊው ቅርጽ፣ ማለትም በጸጉሩና በጭንቅላቱ አጠቃላይ ይዞታ ነው። በቅርብ የምናውቀውን ግን ይበልጥ የምንለየው በመሃለኛው የፊት ክፍል፣ በዓይን፣ በአፍንጫና በአፍ አካባቢ እንደሆነ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። ፕሮግራሙ ብዙ ጊዜ ውጫዊውን ጠብቆ መሃለኛውን በትንሹ ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ ጎረቤቱ ይረካል፣ ልጅቱ ትደነግጣለች።

መሃለኛው ክፍል የሚንቀሳቀሰው ምስሉ ከሚሠራበት መንገድ የተነሳ ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ምስል ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ ዲፊውዥን ይባላል። በሥልጠና ጊዜ በብዙ ሚሊዮን በሚቆጠሩ ፎቶዎች ላይ የዘፈቀደ ነጠብጣብ ይበተንና ማሽኑ ያን ነጠብጣብ ደረጃ በደረጃ ማንሳት ይማራል። የአያትን ፎቶ ስንሰጠውም በተመሳሳይ መንገድ በከፊል በነጠብጣብ ይሸፍነዋል፤ ከዚያ እያነሳ ሲመለስ ከነጠብጣቡ ሥር የጠፋውን የሚሞላው ከተማራቸው ፊቶች ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ስቴብል ዲፊውዥን ደግሞ ሥራውን የሚሠራው በፎቶው ላይ በቀጥታ ሳይሆን በተጨመቀ ቅጂው ላይ ነው። በዚያ ቅጂ ስምንት በስምንት ፒክስል የሆነ ቦታ ወደ አንድ ሕዋስ ይጠቃለላል።

ይህን በጉርድ ፎቶው ላይ እናስላው። ፎቶው ሦስት በአራት ሴንቲ ሜትር ነው፤ የአንዱ ዓይን ስፋት ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ፎቶው በስልክ ከሩቅ ተነሥቶ፣ በመልእክት መላኪያ ሲያልፍ ደግሞ ተጨምቆ ዓይኑ 16 ፒክስል ብቻ ቢቀረው፣ ማሽኑ የሚያየው ሁለት ሕዋስ ነው። በሁለት ሕዋስ የዐይን ቆብ መውረድ፣ የግራው ከቀኙ ማነስ፣ ጥግ ላይ ያለው ሽብሽብ አይያዝም። ያው ፎቶ በስካነር በ600 ዲፒአይ ቢነበብ ግን ዓይኑ ወደ 70 ፒክስል፣ ማለትም ወደ ዘጠኝ ሕዋስ ይደርሳል። በእኔ እምነት የመታሰቢያው ምስል ግማሽ ሥራ የሚያልቀው እዚህ ነው፤ አንድም ቃል ሳይጻፍ።

መረጃ ሲጎድል ማሽኑ ወዴት እንደሚያዘነብል በ2020 እ.ኤ.አ. በአደባባይ ታይቷል። በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት ፐልስ የተባለ ፕሮግራም የደበዘዘ ፊትን አጥርቶ ያወጣ ነበር። ሰዎች የባራክ ኦባማን የደበዘዘ ፎቶ ሲሰጡት የነጭ ሰው ፊት አወጣ። አሠራሩ ከዲፊውዥን ቢለይም ችግሩ አንድ ነው፤ በማይታየው ቦታ የሚገባው በሥልጠናው ላይ የበዛው ፊት ነው። የእኛ ሽማግሌዎች ፊት በእነዚያ ስብስቦች ውስጥ ጥቂት ስለሆነ አፍንጫው ይቀጥናል፣ ቆዳው ይነጣል፣ ሽብሽቡ ይለሰልሳል።

አሁን ወደ ብርሃኑ እንምጣ። «ለስላሳና ሞቅ ያለ» ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተጠይቀዋል። ሙቀቱ የቀለም ጉዳይ ነው። የቀትር ብርሃን 5500 ኬልቪን ገደማ፣ የድሮው አምፖል 2700 ገደማ፣ የሻማ 1900 ገደማ ነው፤ ቁጥሩ ሲወርድ ብርሃኑ ወደ ቢጫና ቀይ ያደላል። ይህን መለወጥ የፊቱን ቅርጽ አይነካም። ልስላሴው ግን የጥላው ጠርዝ ጉዳይ ነው። ብርሃኑ የሚመጣበት ገጽ ሰፊ ሲሆን፣ ለምሳሌ መጋረጃ በተጋረደበት ትልቅ መስኮት ሲገባ፣ ጥላው ቀስ ብሎ ይደበዝዛል። በዚህም ላይ ማስተካከያው መጠነኛ ከሆነ ጉዳቱ ጥቂት ነው።

ከባዱ አቅጣጫው ነው። አንድ ፎቶ የጉንጭን አጥንት ጉልህነት የሚነግረን በአብዛኛው በጥላው ነው። አያት በፎቶ ቤት ከፊት ለፊት በመጣ መብራት ከተነሡ፣ እኛም «ብርሃኑ ከግራ በኩል ይምጣ» ካልን፣ ማሽኑ በፎቶው ላይ የሌለ ጥላ መሥራት አለበት። ለዚያም ጉንጩ ምን ያህል እንደወጣ፣ ዓይኑ ምን ያህል እንደጎደጎደ መገመት ግድ ይለዋል። ግምቱ የሌላ ሰው አጥንት ነው። ስለዚህ ከመጻፋችን በፊት የአፍንጫውን ጥላና በዓይኑ ብሌን ላይ የሚያበራውን ነጥብ አይተን ብርሃኑ ከየት እንደመጣ እንለይ፤ በትእዛዙም ያንኑ አቅጣጫ እንጠብቅ።

ለምሳሌ ፎቶ ቤት መብራቱ ከፊትና ትንሽ ከቀኝ ከፍ ብሎ የበራላቸው አዛውንት ቢሆኑ፣ ትእዛዙ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

```
የተያያዘውን ፎቶ መሠረት በማድረግ የእኚህን አዛውንት
የመታሰቢያ ምስል አዘጋጅ። የዓይን፣ የአፍንጫ፣ የአፍና
የመንጋጋ ቅርጽና ርቀት እንደ ፎቶው ይቆይ፤ የግራና
የቀኝ ልዩነቱም ይቆይ። ሽብሽቡ፣ ሽበቱና የፊቱ
አኳኋን በፎቶው ላይ እንዳለ ይታይ። ቆዳው ጠይም።
ብርሃኑ በፎቶው ላይ ካለበት አቅጣጫ፣ ከፊትና ትንሽ ከምስሉ ቀኝ
ከፍ ብሎ፣ በመጋረጃ እንዳለፈ ለስላሳ፣ ቀለሙ የአመሻሽ
ሙቀት ያለው። ልብሱ ነጭ የጥጥ ጋቢ፣ በትከሻ ላይ።
ከበስተጀርባ ጥቁር ቡናማ፣ ባዶ።
```

ትእዛዙ እንዲቆይ የሚፈለገውን ይናገራል እንጂ «አትለውጥ፣ አታሳምር» አይልም። ብዙ ምስል ሠሪዎች አሉታን በደንብ አይከተሉም፤ «መነጽር አይኑር» ሲባል መነጽር ይዘው የሚመጡበት ጊዜ አለ። የቆዳው ቀለም የተጠቀሰው ጥቁርና ነጭ ፎቶ ስለማይይዘው ነው፤ ቃሉን የምትመርጠው ግን የምታስታውሳቸው ልጃቸው ናት። ጋቢም የገባው ይለብሱት ስለነበር ነው። ለብሰውት የማያውቁት ካባ ወይም ሜዳልያ ቢጨመር ምስሉ ባማረ ቁጥር ከእሳቸው ይርቃል። ማሽኑ ጋቢን ካላወቀው «ወፍራም ነጭ የጥጥ ልብስ፣ ጠርዙ ላይ ጥለት ያለው» ብሎ መግለጽ ይሻላል።

አንዳንድ ፕሮግራሞች ፎቶው ምን ያህል በነጠብጣብ እንደሚሸፈን የሚወስን ከ0 እስከ 1 የሚሄድ መቆጣጠሪያ አላቸው። መደበኛው ሥራ 50 ደረጃ ከሆነ፣ በ0.3 ላይ የሚሠሩት 15ቱ ብቻ ናቸው፤ ፊቱ ይጠበቃል፣ ብርሃኑም በመጠኑ ይለወጣል። በ0.7 ብርሃኑ ያምራል፣ ሰውየው ይጠፋል። ለፊቱ ዝቅ አድርጎ፣ ለልብሱና ለጀርባው ብቻ ከፍ አድርጎ በየክፍሉ መሥራት ሁለቱን ያስታርቃል።

ማኅተሙ ግን በየትኛውም ትእዛዝ አይፈታም። ቀለሙ አገጩን ሸፍኖት ከሆነ አገጩ በፎቶው ላይ የለም፤ ማሽኑ የሚያስቀምጠው የፈጠራ አገጭ ነው። ለዚህ የሚረዳው ሌላ ፎቶ ነው፤ በልጃቸው ሠርግ ላይ ከኋላ ቆመው የተነሡት ትንሽ ምስል እንኳ አገጩ ሹል ይሁን ሰፊ ሊያሳይ ይችላል። ያም ከሌለ ጥላው አገጩ ላይ ጠቆር እንዲል ማድረግ ወይም ጋቢውን ከፍ አድርጎ መሸፈን የተሻለ ነው።

ውጤቱን ለመመርመር አዲሱን ምስል ግማሽ ለግማሽ አሳላፊ አድርገው በአሮጌው ላይ ይደርቡት፤ የሁለቱን ዓይኖች ብሌን ያገጣጥሙ። ከዚያ የአፍንጫው ጫፍና የከንፈሩ መስመር ይገጥም እንደሆነ ይዩ። ካልገጠመ ፊቱ ተለውጧል። ከገጠመ ለልጃቸው ያሳዩ፤ ምንም ሳይነግሯት፣ ከአሮጌው ፎቶ ጎን ሳያስቀምጡ። ከጸደቀ በኋላ ከፍሬሙ ጀርባ ምስሉ በኮምፒውተር የተሠራ መሆኑን፣ ከየትኛው ፎቶ እንደተነሣና የትኛው ክፍል በግምት እንደተሞላ ይጻፍ፤ ጉርድ ፎቶውም በፖስታ ሆኖ እዚያው ይለጠፍ።