ከአሉታ የሚተርፍ ፍቺ፦ ቅድመ እሳቤና የግድ ድምዳሜ በአማርኛ

«ካሳ ብርጭቆውን ሰበረ» እና «ብርጭቆውን የሰበረው ካሳ ነው» የሚሉት ዓረፍተ ነገሮች አንድ ዓይነት መረጃ የሚሰጡ ይመስላሉ። ከሁለቱ አንዱ እውነት ከሆነ ብርጭቆው ተሰብሯል ማለት ነው። ልዩነታቸው የሚገለጠው በአሉታ ሲነገሩ ነው።

የመጀመሪያው «ካሳ ብርጭቆውን አልሰበረም» ይሆናል። ከዚህ በመነሣት ብርጭቆው ተሰብሯል ማለት አይቻልም፤ ሌላ ሰው ሰብሮት ወይም በደህና ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። መሰበሩ የአዎንታዊው ዓረፍተ ነገር የግድ ድምዳሜ ብቻ ስለነበር በአሉታው ዋስትናውን አጣ። «ብርጭቆውን የሰበረው ካሳ አይደለም» ሲባል ግን አድማጭ «ታዲያ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ብርጭቆውን የሰበረ ሰው መኖሩ እንደታወቀ ነገር ተይዞ ቀጥሏል። ይህ ቅድመ እሳቤ ነው፤ ቀስቃሹም «የሰበረው»ን ከ«ነው» ጋር የሚያጣምረው መዋቅር ነው። («ብርጭቆውን» የሚለው እሙር ስም በበኩሉ የአንድ ብርጭቆን መኖር ያሳስባል፤ ይህ ግን ለሁለቱም የጋራ በመሆኑ ልዩነታቸውን አያስረዳም።)

በዚህ ፈተና ስሕተት የሚመጣው አሉታውን ያለቦታው ከማስገባት ነው። «ብርጭቆውን ያልሰበረው ካሳ ነው» ቢባል አሉታው ያረፈው በዘንድ ሐረጉ ላይ እንጂ በ«ነው» ላይ አይደለም። ስለዚህ ቅድመ እሳቤው ራሱ ተለውጦ «ብርጭቆውን ያልሰበረ ሰው አለ» ይሆናል። ይህን አይቶ ቅድመ እሳቤው በአሉታ ጠፋ ብሎ መደምደም፣ የተፈተነው ሌላ ዓረፍተ ነገር መሆኑን መዘንጋት ነው።

አሉታ ብቻውን በቂ ማስረጃ ስላልሆነ ሁኔታ ገላጭ ሐረግንም መጨመር ይበጃል። «ካሳ ብርጭቆውን ከሰበረ ይከፍላል» የሚል ተናጋሪ ብርጭቆው ተሰብሯል አላለም፤ «ብርጭቆውን የሰበረው ካሳ ከሆነ ይከፍላል» የሚል ግን መሰበሩን ይዞ ተነሥቷል።

ቅድመ እሳቤ ከአሉታ ይተርፋል ማለት ፈጽሞ አይሻርም ማለት አይደለም። «ብርጭቆውን የሰበረው ካሳ አይደለም፤ ጭራሹን የሰበረው የለም፣ ያው ተቀምጧል» ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ንግግር ተቀባይነት የሚኖረው በአብዛኛው ሌላ ሰው አስቀድሞ የተናገረውን ለመቃወም ሲውል ነው። «ካሳ ብርጭቆውን አልሰበረም፤ ያው ተቀምጧል» ለማለት ግን እንዲህ ያለ መነሻ አያስፈልግም።

ቅድመ እሳቤ ክርክር ሳይነሣበት የሚያልፍ መሆኑ በምስክር ጥያቄ ላይ ክብደት አለው። ሎፍተስና ዛኒ በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የመኪና አደጋ ፊልም ያዩ ሰዎችን ስለተሰበረ የፊት መብራት ጠይቀዋል። በእንግሊዝኛው እሙር መስተኣምር የተጠየቁት፣ ኢእሙር በሆነው ከተጠየቁት ይልቅ፣ በፊልሙ ያልነበረን ነገር አየን ማለት አዘውትረዋል። በአማርኛ ተመሳሳዩ ልዩነት «የተሰበረ መብራት አይተዋል?» እና «የተሰበረውን መብራት አይተዋል?» በሚሉት መካከል ያለው ነው፤ ለሁለተኛው «አላየሁም» ብሎ የሚመልስ ምስክር እንኳ የተሰበረ መብራት መኖሩን አልካደም።