ቀጣዩን ጎረቤት ብቻ የሚያውቅ ሰንጠረዥ

ራውተር ፓኬት ሲደርሰው ከሰንጠረዡ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደዚህ መዳረሻ የሚሄደውን ለየትኛው ጎረቤት ላቀብል? ከጎረቤቱ ወዲያ ያለው መንገድ በማስተላለፊያ ሰንጠረዡ ላይ አልሰፈረም። ነገሩ እንግዳ ይመስላል፤ ራውተሩ መንገዱን እስከ ጫፍ አስልቶ ካበቃ በኋላ የመጀመሪያዋን እርምጃ ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ይጥለዋል። ይህ መጣል ስሕተት የማይሆነው ለምን እንደሆነ፣ መቼስ ስሕተት እንደሚሆን ለመረዳት ስሌቱን በትንሽ ኔትወርክ ላይ እስከ መጨረሻው መከተል ይበቃል።

ኔትወርኩ አምስት ራውተሮች አሉት፤ ሀ፣ ለ፣ መ፣ ረ እና በ። እያንዳንዱ መስመር በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ወጪ ተመድቦለታል፦ ከሀ ወደ ለ 10፣ ከሀ ወደ መ 3፣ ከመ ወደ ለ 4፣ ከመ ወደ ረ 12፣ ከለ ወደ ረ 2፣ ከረ ወደ በ 5። ኦኤስፒኤፍን በመሰለ ፕሮቶኮል ራውተሮቹ ያገኙትን መንገድ ለጎረቤት አያወሩም። እያንዳንዱ የራሱን መስመሮችና ወጪያቸውን ብቻ ያስታውቃል፤ ማስታወቂያውም ሳይለወጥ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ሁሉም ጋ ይደርሳል። ስለዚህ አምስቱም አንድ ዓይነት ካርታ ይዘው፣ እያንዳንዱ ራሱን መነሻ አድርጎ ያሰላል። ስሌቱ ሆላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ በ1959 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነው።

ሀ ሲያሰላ ከራሱ ይነሣል። በእጁ ሁለት ጊዜያዊ ግምቶች አሉ፤ ለ በ10፣ መ በ3። ትንሹን መርጦ መ በ3 ብሎ ያጸድቃል። ቀጥሎ ከመ የሚወጡትን መስመሮች ያያል፤ በመ በኩል ለ 3 ሲደመር 4፣ ማለትም 7 ይሆናል። ከ10 ስለሚያንስ የቀድሞው ግምት ይሻራል። ረም በ15 ወደ ግምቶቹ ይገባል። አሁን ትንሹ ለ በ7 ነውና ይጸድቃል፤ በእሱ በኩል ረ 9 ስለሚሆን 15 ይሰረዛል። ረ በ9 ሲጸድቅ በ በ14 ይገኛል፤ ስሌቱም እዚያ ያበቃል። ግምት በተሻሻለ ቁጥር የመጀመሪያው ጎረቤት ማን እንደሆነ አብሮ ይወረሳል፤ ስለዚህ የሀ ሰንጠረዥ ይህን ይመስላል፦

```
መዳረሻ   ወጪ   ቀጣይ ጎረቤት
መ        3     መ
ለ        7     መ
ረ        9     መ
በ        14    መ
```

ሀ ከለ ጋር በቀጥታ የተገናኘበትን መስመር አንድም ጊዜ አልተጠቀመበትም። ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ መ ገና በሁለተኛው እርምጃ ሲጸድቅ፣ በኋላ ከ3 ያነሰ መንገድ ቢገኝስ? አይገኝም። ወደ መ የሚያደርስ ሌላ መንገድ ሁሉ መጀመሪያ በለ በኩል መውጣት አለበት፤ እዚያ ለመድረስ ብቻ 10 ተከፍሏል። ከዚያ ወዲያ ያለው መስመር ወጪውን ይጨምር እንጂ አይቀንሰውም። ወጪው ከዜሮ በታች ሊሆን ቢችል ኖሮ ይህ ማስረጃ ይፈርስ ነበር፤ በኦኤስፒኤፍ ግን የራውተር መስመር ወጪ ከ1 እስከ 65535 ብቻ ነው።

የበለጠ የሚከብደው ተቃውሞ በመነሻው የጠቀስነው ነው። ሀ ለበ የተላከውን ፓኬት ለመ ካቀበለ በኋላ፣ መ ያንኑ መንገድ እንደሚከተል ምን ዋስትና አለው? ሁለት ነገር። አንደኛ፣ የአጭር መንገድ ቅጥያ ራሱ አጭር ነው፤ ከመ እስከ በ ያለው ክፍል ከ11 ባነሰ ወጪ ቢገኝ ኖሮ ሀም 14 ብሎ አያጸድቅም ነበር። ሁለተኛ፣ መ የሚያሰላው ከዚያው ካርታ ነው። ፓኬቱ በተራመደ ቁጥር የሚቀረው ወጪ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ወደ ኋላ ሊመለስ አይችልም። አምስት ራውተሮች አንድ ዓይነት ሥራ መደጋገማቸው ብክነት ነው የሚል ሰው፣ የተጣለው መንገድ የተቀመጠው በዚሁ ድግግሞሽ ውስጥ መሆኑን ዘንግቶታል።

ካርታው ለጥቂት ቅጽበት እንኳ ሲለያይ ዋስትናው ይጠፋል። በመና በለ መካከል ያለው መስመር ተቆረጠ እንበል። መ ቀድሞ ያውቃል፤ እንደገና ሲያሰላ ወደ ለ በረ በኩል 14፣ በሀ በኩል 13 ያገኛል። ስለዚህ ለለ የተላከውን ሁሉ ወደ ሀ ይልካል። ሀ ግን ሰንጠረዡን ገና አልለወጠም፤ ወደ ለ የሚሄደው በመ በኩል ነው ብሎ ይመልሰዋል። ሁለቱም በያዙት ካርታ ትክክል ናቸው፤ ፓኬቱ ግን በመካከላቸው እየተመላለሰ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ በአንድ የሚቀንሰው የዕድሜ ቁጥሩ ሲያልቅ ይጣላል። ሀም እንደገና ሲያሰላ ቀጥተኛውን የ10 መስመር ይይዛልና ዙሩ ይሰበራል፤ ያ ሥራ የለሽ የሚመስል መስመር የተዘረጋው ለዚህ ነው።

ኔትወርኩን የሚጠብቅ ባለሙያ ይህን የሚለየው በ`traceroute` ነው፤ የሀና የመ አድራሻዎች እየተፈራረቁ ይታያሉ። ከአፍታ በኋላ ከጠፋ ካርታዎቹ እስኪስማሙ የተፈጠረ ጊዜያዊ ዙር ነበር። ካልጠፋ ግን ሰንጠረዦቹን ብቻ ማየት አይበቃም፤ እነሱ ውጤት ናቸው። በሁለቱም ራውተሮች ላይ `show ip ospf database` ብሎ ካርታዎቹን ጎን ለጎን ማስተያየት ይሻላል፤ ካርታዎቹ አንድ ሆነው ከተገኙ ደግሞ አንዱ ላይ በእጅ የገባ መንገድ ስሌቱን ሽሮት እንደሆነ ይፈተሻል።